«ከስንት ቀጠሮ ስንቱ?»፦ በአንድ አብስትራክት ላይ የተጻፈ አስተያየት

ለሳይንስ ጉባኤ የሚላክ አብስትራክት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ተመራማሪዋ ወራት የለፋችበትን ሥራ በ300 ወይም በ350 ቃላት ጠቅልላ ትልካለች፤ የቀረውን የሚወስኑት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። በብዙ ጉባኤዎች ገምጋሚዎቹ የጸሐፊውን ስምም ተቋሙንም አያዩም። ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ፣ ከዕለት ሥራቸው በተረፈ ሰዓት፣ አብስትራክቶችን በላይ በላዩ የሚያነቡ ባለሙያዎች ናቸው። ፊታቸው ያለው ጽሑፉና የመመዘኛው ዝርዝር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መመዘኛ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ተሰብስቦ አንዱ ለቃል ገለጻ ይመረጣል፣ ሌላው ለፖስተር ይመደባል፣ ሌላው ደግሞ «እናዝናለን» የሚል አጭር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ምክንያቱን የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ተመራማሪ ጉድለቱን በደንብ ማወቅ የሚችለው አብስትራክቱን ከመላኩ በፊት ነው። መንገዱም ቀላል ነው፦ ልምድ ያለው ሰው ረቂቁን በዚያው በጉባኤው መመዘኛ መዝኖ፣ ነጥቡንና ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጠዋል። ዓለም አቀፉ የኤድስ ማኅበር ይህን በፕሮግራም ደረጃ ይሠራዋል። ጀማሪዎች ረቂቃቸውን ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ይልካሉ፤ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ያነቡና አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ይህን ዓይነት ዕድል ያላገኘ ሰው ከመምህሩ ወይም ከሥራ ኃላፊው ይጠይቃል። ከዚያ የሚመጣው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛውን ትንሽ አስተካክዪው» የሚል ነው። እንዲህ ያለው መልስ ጀማሪዋን አይረዳትም፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር በየትኛው መመዘኛ ነጥብ እንደሚያስጥላት አይነግራትምና።

የሚረዳው አስተያየት ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልውሰድ። ጥናቱም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ ስህተቶቹ ግን በየዓመቱ በእውነተኛ ረቂቆች ላይ የሚታዩ ናቸው። አንዲት የጤና መኮንን በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቀጠሯቸውን እንዳይረሱ ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። እሷም ስልኩ ከመጀመሩ በፊት የነበሩትን ስድስት ወራትና ከተጀመረ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት አነጻጽራ አብስትራክት ጻፈች፤ ለቀድሞ መምህሯም ላከችለት። የጉባኤው ጥሪ አምስት መመዘኛዎች አሉት፤ የኤድስ ጉባኤዎች ከሚጠቀሙባቸው ጋር ይመሳሰላሉ። መነሻውና ዓላማው ግልጽ ነው ወይ? ዘዴው ለዓላማው የሚመጥን ነው ወይ? ውጤቱ ጠቃሚና በግልጽ የቀረበ ነው ወይ? ድምዳሜው ከውጤቱ የመነጨ ነው ወይ? ሥራው አዲስ ነገር ይጨምራል ወይ? እያንዳንዱ ከአምስት ይታሰባል።

መምህሩ ምንም ሳይጠይቃት አንብቦ ጨረሰና ነጥብ ሰጠ። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ሥራውን የሚያውቅ አማካሪ ረቂቁ ላይ የጎደለውን ሳያስበው ከራሱ እውቀት እየሞላ ያነባል፤ ገምጋሚው ግን የሚሞላበት ነገር የለውም። አስቀድመው ካወሩ በኋላ የሚሰጥ ነጥብ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። የደብዳቤው መግቢያ እንዲህ ይላል፦

«በጥሪው መመዘኛ ስመዝነው ከ25 12 አገኘሽ። መነሻና ዓላማ 3፣ ዘዴ 2፣ ውጤት 2፣ ድምዳሜ 2፣ አዲስነት 3። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሠራሽውን ሥራ አልመዘንኩም፤ የመዘንኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ከዚህ በታች ለእያንዳንዱ ነጥብ ያስቀነሰሽን ዓረፍተ ነገር አሳይሻለሁ። በጽሑፍ የሚስተካከለውን 'ጻፊ' ብዬበታለሁ፤ መዝገብ ገልጠሽ የምታመጪውን 'መዝገብ' ብዬበታለሁ፤ አሁን ሊስተካከል የማይችለውን ደግሞ 'ተቀበዪው' ብዬበታለሁ።»

እነዚህ ሦስት ምልክቶች ከነጥቡ እኩል ዋጋ አላቸው ባይ ነኝ። ቀነ ገደቡ አሥር ቀን ሲቀረው ጀማሪዋ ማወቅ የሚያስፈልጋት ዛሬ ማታ ተቀምጣ የምታቀናው የትኛው እንደሆነ፣ ነገ መዝገብ ቤት የሚያስኬዳት የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውን ደግሞ በሐቀኝነት አምና ማለፍ እንዳለባት ነው። ሦስቱን የሚያደባልቅ አስተያየት ሰውን ከማስጨነቅ አያልፍም።

መነሻው ላይ የተጻፈው አጭር ነው። ጥሪው 300 ቃላት ይፈቅዳል፤ ረቂቁ 140ውን የጨረሰው ስለ ኤች አይ ቪ ሥርጭትና ስለ መድኃኒቱ ጥቅም በመተረክ ነው። «ገምጋሚው የኤች አይ ቪ ባለሙያ ነው፤ ይህን ከእኔም ከአንቺም በላይ ያውቀዋል» ይላል መምህሩ። «መነሻውን ወደ 60 ቃል አውርጂው፣ ለዘዴው 80፣ ለውጤቱ 110፣ ለድምዳሜው 40 ስጪ። መነሻሽ ሁለት ነገር ከተናገረ ይበቃዋል፦ በአንቺ ጤና ጣቢያ ችግሩ ምን እንደነበረና ምን ለማወቅ እንደተነሳሽ። ጻፊ።»

ዘዴው ላይ ሲደርስ ግን ደብዳቤው ይረዝማል፤ መርዘምም አለበት። የረቂቁ ዘዴ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለቀ ነው። «የስልክ ማስታወሻ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የቀሩ ቀጠሮዎች ተነጻጽረዋል። መረጃው በኤስፒኤስኤስ ተተንትኗል» ይላል። የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ስም ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የትኞቹ ወራት ናቸው? እነማን ተካተቱ? «ቀረ» የሚባለው በቀጠሮው ዕለት ያልመጣ ሁሉ ነው ወይስ ከሳምንት በላይ የዘገየ? የደወለው ማን ነው? ስልኩ ካልተነሳ ደግሞ ይደወላል ወይ? «'ቀረ' የሚለውን ቃል ካልተረጎምሽልኝ 24 በመቶ የሚለው ቁጥር ትርጉም የለውም» ይላል መምህሩ። ልክ ነው፤ ዕለቱን ብቻ ብትቆጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንድ ወር የዘገየውን ብቻ ብትቆጥር ደግሞ ወደ ታች።

ቀጥሎ የመጣው የደብዳቤው ምርጥ ክፍል ነው። መምህሩ የአገራችንን አሠራር ያውቃል። ኢትዮጵያ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጤናቸው የተረጋጋ የፀረ ኤች አይ ቪ ተጠቃሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ የሚያስችል አሠራር ተክላለች። «በእነዚህ 12 ወራት ውስጥ ወደ ስድስት ወር ቀጠሮ ያዛወራችኋቸው ሰዎች አሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ካሉ፣ ገምጋሚው የቀሩ ቀጠሮዎች የቀነሱት በስልኩ ሳይሆን ቀጠሮው ራሱ ስላነሰ ነው ብሎ ይጠረጥራል። መዝገብ።»

መዝገቡ ሲገለጥ ጥርጣሬው ተገቢ ሆኖ ተገኘ። በየወሩ የሚመጡ 100 ሰዎች ነበሩ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ዓመት 600 ቀጠሮ ማለት ነው። በሁለተኛው ግማሽ ዓመት 16ቱ ወደ ስድስት ወር ስለተዛወሩ እያንዳንዳቸው በስድስት ቀጠሮ ፋንታ አንድ ብቻ ነበራቸው፤ ጠቅላላው ወደ 520 ወረደ። ልጅቷ ይህን ስታይ ደነገጠች። «ዶክተር፣ ጥናቴ ፈረሰ ማለት ነው?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ ለማንኛውም ጀማሪ የሚጠቅም ነው፦

«አልፈረሰም። የተዛወሩት እነማን እንደሆኑ አስቢ። የተረጋጉት፣ ድሮም ቀጠሮ የማይቀሩት ናቸው። እነሱ ሲወጡ በወርኃዊው ዝርዝር የቀሩት ይበልጥ የሚቀሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዝውውሩ ብቻውን ቢሆን የመቅረቱን መጠን ከፍ ያደርገው ነበር እንጂ ዝቅ አያደርገውም። ይህ ላንቺ የሚያግዝ ሐሳብ ነው፤ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልጻፍሽው ገምጋሚው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። በሌላ በኩል ጤና ጣቢያው ውስጥ ወረፋው ቀንሶ ሰው መምጣት ቀሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማስወገድ አትችዪም። ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ጤና ጣቢያ የለሽም። ተቀበዪው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድን እንቅፋት መጥቀስ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ እንቅፋቱ ውጤቱን ወደየት እንደሚገፋው መናገር ግን ገምጋሚውን ያሳርፋል። ጸሐፊዋ ስለ ጥናቷ እንዳሰበችበት ያሳያልና። ብዙ አማካሪዎች «ማነጻጸሪያ የለውም» ብለው ያልፋሉ። ያ ፍርድ ነው፤ ጀማሪዋ ግን ከፍርዱ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለባት አይነግራትም።

ውጤቱ በረቂቁ ላይ እንዲህ ነበር፦ «የቀሩ ቀጠሮዎች ከ24 በመቶ ወደ 15 በመቶ በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ፒ ከ0.05 ያንሳል። ዝርዝር ውጤቶች በጉባኤው ላይ ይቀርባሉ።» መምህሩ ከጎኑ የጻፈው ሦስት ቃል ነው፦ «ከስንት ቀጠሮ ስንቱ?» በመቶኛ ብቻ የተጻፈ ውጤት ከአሥር ሰው የመጣ ይሁን ከሺህ አይታወቅም። ትክክለኛው ከ600 ቀጠሮ 144ቱ፣ ከ520 ደግሞ 78ቱ የሚለው ነው። ልዩነቱ ዘጠኝ ነጥብ ነው፤ ከአጋጣሚ የሚመጣውን መዋዠቅ ስንጨምርበት ትክክለኛው ልዩነት ከ4 እስከ 14 ነጥብ ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ግን በዚህም አልረካም። «600ው ቀጠሮ የ100 ሰዎች ነው። አንድ ሰው በተደጋጋሚ ሲቀር እንደ ብዙ ሰው ተቆጥሯል። ትንታኔሽ ይህን ማወቅ አለበት፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያችሁን አንድ ቀን ለምኚው።» ሲስተካከል ክልሉ ሰፋ፤ ከ3 እስከ 15 ሆነ። ውጤቱ አልጠፋም፤ እርግጠኝነቱ ግን እሷ እንዳሰበችው አልነበረም።

«ዝርዝሩ በጉባኤው ላይ ይቀርባል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ብዙ ጥሪዎች እንዲህ ዓይነቱን ተስፋ በግልጽ ይከለክላሉ፤ ገምጋሚውም የሚያነበው ውጤቱ ገና አልተሠራም ብሎ ነው። በዚያ ቦታ ምን ይግባ? መምህሩ ረቂቁ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ጠየቀ፦ የተደወለላቸው ሁሉ ስልኩን አንስተዋል ወይ? የስልክ መዝገቡ ሲታይ ከ520ው ቀጠሮ በ390ዎቹ ሰውየው ተገኝቷል፤ በ130ዎቹ ስልኩ ዝግ ነበር ወይም አልተነሳም። ከተገኙት ውስጥ የቀረው 39 ነው፤ አሥር በመቶ። ካልተገኙትም የቀረው 39 ነው፤ እዚህ ግን ሠላሳ በመቶ ይሆናል።

ልጅቷ ይህን ስታገኝ ተደሰተች፤ «ስልክ መደወል መቅረትን በሦስት እጥፍ ይቀንሳል» ብላ ጽፋ መለሰች። መምህሩ ወዲያው አቆማት። ስልኩ የማይነሳለት ሰው ሥራ ፍለጋ የሄደ፣ ቁጥሩን የቀየረ፣ ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ እንዳያውቅ ስልኩን የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ድሮም ቢሆን የመቅረቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። «ቁጥሩን አስገቢ፤ 'ምክንያቱ ስልኩ ነው' የሚለውን አውጪ። ይህን ለማወቅ አስበሽ አልጀመርሽም፤ ስለዚህ ዓላማሽ ውስጥ ወስደሽ እንዳትከቺው። በሥራው መሐል እንደታየ አድርገሽ ጻፊው።» ጀማሪዎች ከታች ያገኙትን ነገር ወደ ላይ ወስደው ከመጀመሪያው ያቀዱት ያስመስላሉ። አብዛኛው የሚያደርገው በየዋህነት ነው፤ አንባቢውን ግን ያሳስታል፣ አማካሪም በዝምታ ሊያልፈው አይገባም።

ድምዳሜው ነጥብ የተቀነሰበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጤና ሚኒስቴር ይህን አሠራር በመላ አገሪቱ ሊተገብረው ይገባል።» አንድ ጤና ጣቢያ፣ 100 ሰው፣ ማነጻጸሪያ የሌለው ጥናት ይህን ሊል አይችልም። ይህን ማለት እልህ ወይም ቁጥብነት አይደለም። ለጉባኤ የቀረቡ ጥናቶችን ዕጣ የተከታተለ የኮክሬን ግምገማ በ2018 እንዳሳየው፣ ሙሉ ጽሑፍ ሆነው የሚታተሙት ከ100 አብስትራክት 37 ያህሉ ናቸው። ለቀሩት ለሕዝብ የሚቀረው መዝገብ ያቺው አብስትራክት ብቻ ነች ማለት ነው። የተጋነነ ድምዳሜ ኋላ የሚታረምበት ቦታ የለውም። ሰው ያንን ጠቅሶ ሌላ ይጽፋል፣ ፕሮጀክት ያቅዳል። መምህሩ ከመላው ረቂቅ በራሱ እጅ የጻፈላት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «በአንድ ጤና ጣቢያ የስልክ ማስታወሻ ከተጀመረ በኋላ የቀሩ ቀጠሮዎች መጠን ቀንሷል፤ ይሁንና ከአራት ቀጠሮ በአንዱ ሰዎቹን በስልክ ማግኘት አልተቻለም፤ ለእነዚህ ሌላ መንገድ መፈተሽ አለበት።» ሌላውን ሁሉ ራሷ እንድትጽፈው ተወላት። አማካሪ ሙሉውን ከጻፈው ጉባኤው ላይ ጥያቄ ሲመጣ የምትመልሰው እሷ ነች፤ ያልጻፈችውን ደግሞ መመለስ አትችልም።

የቀረው አዲስነት ነው። እዚህ ላይ መምህሩ ገር አልነበረም፤ መሆንም አልነበረበትም። ስልክን ለዚህ ሥራ መጠቀም የቆየ ሐሳብ ነው። በኬንያ 538 ሰዎች በተሳተፉበትና በዕጣ በተመደቡበት ጥናት፣ በየሳምንቱ የጽሑፍ መልእክት የተላከላቸው ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደወሰዱ በ2010 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቷል። ጎበዝ ገምጋሚ ይህን ያውቃል። «የመጀመሪያው ጥናት ነው የሚለውን ሐረግ አውጪ፤ አይደለም። ስልክ ስለማይነሳላቸው ሰዎች ያገኘሽው ግን ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች ይጠቅማል። ነጥቡን 3 ላይ አቆየዋለሁ። ተቀበዪው።»

ከስድስት ቀን በኋላ ሁለተኛው ረቂቅ መጣ፤ መምህሩም በዚያው ሚዛን እንደገና መዘነው። መነሻ 4፣ ዘዴ 4፣ ውጤት 4፣ ድምዳሜ 4፣ አዲስነት 3፤ ከ25 19። የመረጃ ለውጥ የለም፤ ጥናቱ ያው ጥናት ነው። ሰባቱ ነጥብ የመጣው መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ካልወጣው ነገር ነው። ያልተገኙት ስድስቱ ደግሞ የማነጻጸሪያ አለመኖር፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ውስንነትና የሐሳቡ አዲስ አለመሆን ናቸው፤ እነዚህ የሚመለሱት በሚቀጥለው ጥናት ንድፍ እንጂ በአጻጻፍ አይደለም። መምህሩም ይህን ሲጽፍላት ለቀጣዩ ጥናት ስልክ የማይደወልበት አንድ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ከወዲሁ እንድታናግር ጨምሮላታል።

እንዲህ ዓይነት አስተያየት በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ይሉኝታ ነው። ልጅቷን እንዳያሳዝን ብሎ ለሁሉም 4 የሚሰጥ አማካሪ የትኛው ክፍል ደካማ እንደሆነ ይደብቅባታል፤ አምስት እኩል ቁጥሮች ምንም አይናገሩም። ሁለተኛው ከጥሪው ውጭ መመዘን ነው። አማካሪው የሚወደውን የጥናት ዓይነት፣ የሚወደውን አጻጻፍ ይጠይቃል፤ ጉባኤው ግን ያንን አልጠየቀም። ለምሳሌ የኤድስ ጉባኤዎች ሁለት ዓይነት አቀራረብ ይቀበላሉ፦ አንዱ ለምርምር፣ ሌላው ከአንድ ፕሮግራም የተገኘውን ትምህርት ለሚያካፍል ሥራ። በሁለተኛው የመጣን ጽሑፍ በመጀመሪያው ሚዛን የሚመዝን አማካሪ ጀማሪውን ወዳልተጠየቀበት ጎዳና ይመራዋል።

አብስትራክት ለማቅረብ የምታስቡ ወጣቶች፣ ረቂቃችሁን ለአማካሪያችሁ ስትልኩ ጥሪውን ከነመመዘኛው አያይዛችሁ ላኩ፤ ነጥብ እንዲሰጣችሁም በግልጽ ጠይቁት። ቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላኩ፤ መዝገብ ለመግለጥና ደግሞ ለመጻፍ ጊዜ ያስፈልጋችኋልና። አማካሪዎችም «ጥሩ ነው» ከማለታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ መመዘኛ አንድ ቁጥርና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉላቸው።